የመስመር ግራፍን በአማርኛ መግለጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለመሥሪያ ቤት ሪፖርት ወይም ለዜና ግራፍ አስቀምጦ ከሥሩ አንድ አንቀጽ መጻፍ ቀላል ይመስላል። ብዕር ሲነሳ ግን መንገታገት ይመጣል። "በ5 ጨመረ" ነው ወይስ "ወደ 5"? "ጨመረ" ነው ወይስ "ጨምሯል"? ከታች ያሉት ጥያቄዎች በዚሁ ዙሪያ የሚነሱ ናቸው። ምሳሌው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ የአንድ የአሜሪካ ዶላር ይፋዊ ዋጋ በብር፣ ከ1973 እስከ 2024 እ.ኤ.አ.። ይህን መስመር የመረጥኩት ጠባዩ ስለሚለዋወጥ ነው። ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፣ ድንገት ይዘላል፣ ይድሃል፣ ይሮጣል፣ እንደገና ይዘላል።

መጀመሪያ ግራፉ ላይ ምን ልይ?

መስመሩን ሳይሆን ዘንጎቹን። በተለይ ወደ ላይ የቆመውን። ምን ተለካ? በምን ተለካ? የእኛ ግራፍ የዶላርን ዋጋ በብር ነው የሚለካው። ስለዚህ መስመሩ ወደ ላይ ሲወጣ የወጣው ዶላር ነው፤ ብር ወርዷል። ግራፉ የአንድ ብርን ዋጋ በዶላር ቢለካ ኖሮ ያው ታሪክ ቁልቁል የሚሄድ መስመር ይሆን ነበር።

ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ አንቀጽ የሚበላሸው እዚህ ነው። "የብር ምንዛሪ ጨመረ" የሚል ሰው ምን ማለቱ ነው? ብር ጠነከረ ማለቱ ነው ወይስ ዶላር ተወደደ? በአፍ ስናወራ ይገባናል፤ በጽሑፍ ግን ማን እንደጨመረ መለየት አለበት። መላው ቀላል ነው። ቋሚው ዘንግ ላይ የተጻፈውን ነገር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርጉት፦ "የአንድ ዶላር ዋጋ ጨመረ"። አንዴ ይህን ከመረጣችሁ እስከ አንቀጹ መጨረሻ በዚያው ሂዱ። አንዱ ዓረፍተ ነገር "ዶላር ጨመረ"፣ ቀጣዩ "ብር ቀነሰ" ካለ አንባቢው መስመሩ የታጠፈ ይመስለዋል።

"ጨመረ"ን ስንት ጊዜ ልደጋግመው? ሌላ ግስ ልጠቀም?

መደጋገም ኃጢአት አይደለም። ከተሳሳተ ግስ የተደጋገመ "ጨመረ" ይሻላል። ሌላ ግስ የሚያስፈልገው ለማሳመር ሳይሆን የመስመሩ ጠባይ ስለተለወጠ ነው።

ቀስ ብሎ ለሚወጣ መስመር "ቀስ በቀስ ጨመረ" ወይም "ከፍ እያለ ሄደ" ይበቃል። ሳያቋርጥ በፍጥነት ለሚወጣ "አሻቀበ" አለ። በአንድ ቀን ወይም በአንድ ወር ለሚሆን "ዘለለ" ወይም "በአንድ ጊዜ ከፍ አለ" ይባላል። ለቁልቁለቱም እንዲሁ ነው። "አሽቆለቆለ" እየቀጠለ ለሚወርድ ነው፤ በአንድ ቀን የሆነን ነገር "አሽቆለቆለ" ማለት አያስኬድም፣ እሱ "ወደቀ" ነው። አንዴ ወጣ አንዴ ወረድ ለሚል መስመር "ዋዠቀ" አለን።

ሁለት ግሶች ላይ ጥንቃቄ አይከፋም። "አደገ" ውስጡ ምስጋና አለበት። ምርት ያድጋል፣ ገቢ ያድጋል። "የወባ ሕሙማን ቁጥር አደገ" ሲባል ግን ጆሮ ይጎረብጣል። "ናረ" ደግሞ በተቃራኒው ምሬት አለበት፤ ለዋጋ ይሆናል፣ ለተማሪ ቁጥር አይሆንም። ገለልተኛ መሆን የፈለገ "ጨመረ" ብሎ ይለፍ።

መስመሩ ጠፍጣፋ ሲሆንስ? "ተረጋጋ" ልበል?

ሁልጊዜ አይደለም። "ተረጋጋ" ያለ ሰው ቀድሞ ተናግቶ ነበር እያለ ነው። ከ1973 እስከ 1992 ዶላር 2.07 ብር ነበር፤ በመንግሥት የተተመነ፣ ንቅንቅ የማይል። ግራፋችንም የሚጀምረው ከዚያ ነው። እዚህ ላይ "ተረጋጋ" ማለት ግራፉ ላይ የሌለ ነውጥ መጨመር ነው። "ባለበት ቆየ" ወይም "2.07 ብር ላይ ቆመ" በቂ ነው። "ተረጋጋ" የሚሠራው መስመሩ ሲዋዥቅ ከርሞ ጸጥ ሲል ነው።

ዝላዩ ትልቅ ይሁን ትንሽ በዓይኔ ልመን?

አትመኑ። ግራፋችን ላይ ቋሚው ዘንግ ከ0 እስከ 140 ነው እንበል። የ1992ቱ ለውጥ እዚያ ላይ ትንሽ ደረጃ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ከ2.07 ወደ 5 ብር፣ 3 ብር የማይሞላ። የ2024ቱ ዝላይ ግን ግድግዳ ነው፤ ከ57.48 ወደ 74.73 ብር በአንድ ቀን። ዓይን ሁለተኛውን ይመርጣል።

በመቶኛ ካየነው ነገሩ ይገለበጣል። በ1992 የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2024 በዚያች አንድ ቀን የጨመረው 30 በመቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን "በትንሹ ከፍ አለ" ብሎ ሁለተኛውን "ተተኮሰ" ማለት የግራፉን መልክ መግለጽ እንጂ የሆነውን መግለጽ አይደለም። ግስ ከመምረጣችሁ በፊት አዲሱን ቁጥር ለአሮጌው አካፍሉ። 5ን ለ2.07 ስናካፍል 2.4 ይወጣል። 74.73ን ለ57.48 ስናካፍል 1.3። ግሱ ከዚህ ይመጣል።

"በ5 ጨመረ"፣ "ወደ 5 ጨመረ"፣ "5 ጨመረ" ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

"በ" የለውጡን መጠን ይናገራል። "በ2.93 ብር ጨመረ" ስንል ከ2.07 ተነስቶ 5 ብር ደረሰ ማለት ነው። "2.93 ብር ጨመረ" ብንልም ያው ነው። እስከዚህ ሰላም ነው።

ችግሩ "ወደ" ነው። በአማርኛ "ወደ" ሁለት ሥራ አለው። አቅጣጫ ያሳያል፤ ግምትም ያሳያል። "ወደ 50 ሰው መጣ" ስንል 50 ገደማ ማለታችን ነው። እንግዲህ "የዶላር ዋጋ ወደ 5 ብር ጨመረ" የሚለውን አንብቡት። 5 ብር ደረሰ? ወይስ 5 ብር ገደማ ተጨመረበት? አንዱ ዋጋውን 5 ያደርገዋል፣ ሌላው 7። ጸሐፊው የቱን እንዳሰበ ከዓረፍተ ነገሩ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ይህን ነው። መድረሻን ለመናገር "ደረሰ" በሉ፤ መስተዋድድ አያስፈልገውም። "የዶላር ዋጋ 5 ብር ደረሰ"። በአፍ "120 ገባ" እንደምንለው ማለት ነው። "ወደ"ን የምትወዱት ከሆነ መነሻውን አብራችሁ ጻፉ፦ "ከ2.07 ወደ 5 ብር ከፍ አለ"። "ከ" ከፊት ካለ ግምት ነው የሚል አንባቢ አይኖርም። ግምት ስትፈልጉ ደግሞ "ወደ"ን ተዉና "ገደማ" ወይም "ያህል" በሉ፦ "49 ብር ገደማ ደረሰ"።

"እስከ 5 ብር ደረሰ" የሚልም አለ። ይህ ሌላ ነገር ነው። "እስከ" ጣሪያ ያበጃል፤ አንዳንዴ ከዚያ በታች ነበር፣ ቢበዛ 5 ደረሰ ማለት ይመስላል። ለሚዋዥቅ መስመር ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ለቆመ ቁጥር ግን ያደናግራል።

"እጥፍ"ም ያው ጣጣ አለበት። "2.4 እጥፍ ሆነ" እና "በ2.4 እጥፍ ጨመረ" አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው 2.07ን ወደ 5 ያደርሰዋል። ሁለተኛው ቃል በቃል ከተወሰደ 7 ብር ያልፋል። "ሆነ" ከሚለው ጋር ብቻ ብትጠቀሙበት ሰላም ታገኛላችሁ።

አንዱ ጽሑፍ "በ30 በመቶ"፣ ሌላው "በ23 በመቶ" ይላል። የቱ ልክ ነው?

ሁለቱም፤ ባለቤቱ ከተለየ። ጁላይ 29 ቀን 2024 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዶላር ዋጋ ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ሄደ። ልዩነቱ 17.25 ብር ነው። ይህን ለመነሻው ለ57.48 ስናካፍል 30 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ "የዶላር ዋጋ በ30 በመቶ ጨመረ" ትክክል ነው።

ከብር ወገን እንየው። ቀድሞ አንድ ብር የዶላር አንድ 57.48ኛ ነበር፤ አሁን አንድ 74.73ኛ ሆነ። የቀረው 77 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ "የብር ዋጋ በ23 በመቶ ቀነሰ"። ስህተት የሚሆነው "ብር በ30 በመቶ ቀነሰ" ሲባል ነው። ያን ቀን በዜና እንዲህ ተብሎ በብዛት ተጽፏል። በሴፕቴምበር 2010 ዶላር ከ13.63 ወደ 16.35 ብር ሲወጣም ያው ነው፤ ዶላር በ20 በመቶ ጨመረ፣ ብር ግን የቀነሰው በ17 በመቶ ገደማ ነው። "በ" ከመቶኛ ጋር ሲመጣ ሁሌ "ከምን ላይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የመነሻው ቁጥር ነው።

የትኛውን የግስ ጊዜ ልጠቀም? "ጨመረ"፣ "ጨምሯል" ወይስ "ጨምሮ ነበር"?

ጋዜጣችን ሁሉን "-ኣል" ያደርገዋል፤ ጨምሯል፣ ቀንሷል፣ ደርሷል። ለዛሬ ዜና ያስኬዳል፣ ለግራፍ ግን ሁሉም ነጥብ አንድ ዓይነት ርቀት ላይ ያለ ያስመስላል።

ዓመት ጠርታችሁ የምትናገሩት፣ ያለቀ ነገር ከሆነ ቀጥተኛውን ኃላፊ ያዙ፦ "በ1992 5 ብር ደረሰ"። ግራፉ ወደሚያበቃበት ስትመጡና ውጤቱ አሁንም ያለ መሆኑን ስትፈልጉ "-ኣል" ይመጣል፦ "ከ1992 ወዲህ ዋጋው ከ20 እጥፍ በላይ ሆኗል"። "ወዲህ" እና "-ኣል" ጥንድ ናቸው። "ከ1973 እስከ 1992" ያለ ሰው ግን በሩን ዘግቶታል፤ ቀጥሎ "ቆይቷል" ከማለት "ቆየ" ይሻለዋል።

"ነበር" የሚመጣው ከአንድ ነጥብ ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ ስታዩ ነው። "በጁላይ 2024 ተመኑ ሲለቀቅ ዋጋው አስቀድሞ 57.48 ብር ደርሶ ነበር"። መለቀቁ መቆሚያችን ነው፤ 57.48 ከዚያ በፊት የሆነ ነው። መቆሚያ ሳይኖር "ጨምሮ ነበር" ብቻ ከተባለ አንባቢው ሌላ ነገር ይጠረጥራል፦ ጨምሮ ነበር፣ አሁን ግን ወርዷል ማለት ነው?

ለመታጠፊያ ቦታ አማርኛ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ "ሲ...ቆይቶ" ወይም "እየ...ቆይቶ"። "በዓመት 1 ብር ያህል እየጨመረ ቆይቶ በ2017 በአንድ ጊዜ ዘለለ" ስንል የአሮጌውን ጠባይ ርዝመትና የአዲሱን ድንገተኛነት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጥን። "ከዚያ በኋላ"፣ "ቀጥሎም"፣ "ከዚያም" እያሉ ከመደርደር ይህ ይሻላል።

አንድ የማይሆን ነገር፦ "እየጨመረ ነው"። ግራፉ 2024 ላይ ካበቃ ዛሬ ምን እየሆነ እንደሆነ አያውቅም። "እስከ 2024 መጨረሻ እየጨመረ ነበር" በሉ። ግራፉ በነጠብጣብ የተሠራ የትንበያ ክፍል ካለው ደግሞ ለዚያ ክፍል ብቻ "ይደርሳል ተብሎ ይገመታል" ይባላል። ትንበያን "ይደርሳል" ብሎ መቁረጥ ሌላ ሰው ያላለውን ቃል ማስገባት ነው።

"የዋጋ ንረት ቀነሰ" ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት ነው?

አይደለም። የዋጋ ንረት ግራፍ የሚለካው ዋጋ የሚጨምርበትን ፍጥነት ነው። ከ30 ወደ 20 በመቶ ቢወርድ ዋጋው አሁንም ይጨምራል፤ በቀዘቀዘ ፍጥነት ነው እንጂ። የእኛም መስመር ላይ ይህ አለ። ከ2019 መጨረሻ እስከ 2021 መጨረሻ ዶላር ከ32 ብር ገደማ 49 ብር ገደማ ደረሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ጁላይ 2024 በሁለት ዓመት ተኩል የጨመረው 8 ብር ያህል ነው። እዚህ ላይ "ቀነሰ" የምትል ቃል ብቻዋን ከገባች ስህተት ናት። የቀነሰው ፍጥነቱ ነው።

ዓመቱን በየትኛው አቆጣጠር ልጻፍ?

ግራፉ በተሠራበት። "በ1992 ዘለለ" የሚለውን በአገራችን አቆጣጠር ያነበበ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ይስታል፤ የእኛ 1992 በእ.ኤ.አ. 1999 እና 2000 ነው። መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አንዴ "እ.ኤ.አ." ወይም "ዓ.ም." ብላችሁ ከዚያ አትቀይሩ። በጀት ዓመት ከሆነ ይጻፍ፤ ሐምሌ 1 የሚጀምር ዓመት ጥር ላይ ከሚጀምር ዓመት ጋር አይገጥምም።

ምክንያቱንም ልጨምር?

ግራፉ ምክንያት አያሳይም። ተመኑ ለገበያ በተለቀቀበት ቀን መስመሩ መዝለሉ ግልጽ ስለሆነ "ሲለቀቅ ዘለለ" ማለት ይቻላል። ለቀረው "በዚህ ምክንያት" ከማለት በፊት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከምክንያት ይልቅ እኔ የሚያሳስበኝ የግራፉ ወሰን ነው። ይህ መስመር ይፋዊው ተመን ነው። ከመለቀቁ በፊት ባንክ ውስጥ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ "ዶላር በ57 ብር ይገዛ ነበር" ብሎ የጻፈ ሰው ግራፉ ያላለውን ተናገረ። "ይፋዊ ዋጋው 57.48 ብር ነበር" ቢል ይድናል።

እስቲ ሙሉ አንቀጽ አሳዩን።

መጀመሪያ እንዲህ የሚጻፈውን እንይ፦

"ግራፉ እንደሚያሳየው ብር ከ1973 እስከ 2024 እየጨመረ ነው። በ1992 ወደ 5 ብር ጨምሯል። ከዚያም እየጨመረ ሄዷል። በ2024 በ74.73 ብር አድጓል።"

አራት ዓረፍተ ነገር፣ አራት ጥፋት። የጨመረው ብር አይደለም። "ወደ 5" መድረሻ ይሁን ጭማሪ አይታወቅም። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ሠላሳ ዓመት ውጦ ስለ ፍጥነቱ ምንም አላለም። አራተኛው መድረሻውን ጭማሪ አድርጎታል። ያው ግራፍ እንዲህ ቢጻፍስ፦

"ግራፉ የአንድ የአሜሪካ ዶላር ይፋዊ ዋጋ በብር ከ1973 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ያሳያል። ዋጋው እስከ 1992 ድረስ 2.07 ብር ላይ ባለበት ቆየ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በአንድ ጊዜ 5 ብር ደረሰ፤ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቀጥለው በነበሩት 16 ዓመታት ቀስ በቀስ ወጥቶ በ2008 መጨረሻ 10 ብር ገደማ ደረሰ። ከዚያ ፍጥነቱ ጨምሮ ሴፕቴምበር 2010 ከ13.63 ወደ 16.35 ብር ዘለለ። በዓመት በአማካይ 1 ብር ያህል እየጨመረ ቆይቶም ኦክቶበር 2017 ከ23.4 ወደ 26.9 ብር ከፍ አለ። በ2020 እና በ2021 አሻቅቦ 49 ብር ገደማ ደረሰ፤ ከዚያ ፍጥነቱ ቀዘቀዘ። በጁላይ 2024 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዋጋው 57.48 ብር ደርሶ ነበር። በዚያ ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 74.73 ብር ገባ፤ ዓመቱ ሳያልቅም 120 ብርን አለፈ።"

እያንዳንዱ ዓመት አልተጠራም። የተጠሩት መስመሩ ጠባዩን የለወጠባቸው ቦታዎች ብቻ ናቸው። "ገባ" የምትለው ቃል ለመሥሪያ ቤት ሪፖርት ከቀለለችባችሁ "ደረሰ" በሏት።

ግራፉ ላይ ሁለት መስመር ካለስ?

መጀመሪያ አንዱን ጨርሱ፣ ከዚያ ሌላውን ጀምሩ። ሁለቱን በየዓመቱ እያፈራረቁ መሄድ አንባቢን ያደክማል። የሚገናኙበት ነጥብ ካለ ግን ለብቻው ዓረፍተ ነገር ይገባዋል። "ሲሆን" ለማነጻጸር ጥሩ ነው፦ "የመጀመሪያው የጨመረ ሲሆን ሁለተኛው ባለበት ቆየ"። ብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት "ሲሆን" አታስገቡ። የሪፖርት አማርኛ እዚያ ላይ ነው የሚታነቀው።